ቀንና ወር ሲገለባበጡ፦ ከለንደን ወደ ዋሽንግተን የተላከ የኤፕሪል መዝገብ

03/04/2024 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለንደን ላይ የኤፕሪል ወር ሦስተኛ ቀን ሲሆን፣ ዋሽንግተን ላይ ደግሞ የማርች ወር አራተኛ ቀን ነው። ሁለቱም አንባቢዎች በየሀገራቸው ልማድ በትክክል አንብበዋል፤ በመካከላቸው ግን 30 ቀን አለ። ጽሑፉን ሰው ብቻ ያነበው ቢሆን ኖሮ በአንድ የስልክ ጥያቄ የሚፈታ ጉዳይ ይሆን ነበር፤ ኮምፒውተር ሲያነበው ግን ሳይጠይቅ ይወስናል፣ ውሳኔውንም በሰነዱ ውስጥ በቋሚነት ያስቀምጣል። የዚህ ንግግር ዓላማ በአንድ ሀገር የተዘጋጀ የሠንጠረዥ ፋይል በሌላ ሀገር ሲከፈት ቀንና ወር የሚለዋወጡበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ነጥብ ስሕተቱ በተፈጸመበት ኮምፒውተር ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የማይታይ መሆኑ፣ መገልበጡ ለዓይን የሚታየው ደግሞ ምንም ባላጠፋው ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ነው።

አሜሪካውያን ወርን የሚያስቀድሙት ቀንን በቃል በሚጠሩበት ቅደም ተከተል ስለሚጽፉ ነው፤ የነጻነት መግለጫቸው ራሱ ቀኑን የሚጀምረው በወሩ ስም፣ በጁላይ፣ ነው። እንግሊዝ፣ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች በቁጥር ሲጽፉ ቀንን ያስቀድማሉ፤ ስዊድን ደግሞ ከዓመት ትጀምራለች። የአማርኛ ልማድ በዚህ ረገድ ሁለቱንም መልክ ይዟል፦ በቃልና በተሟላ ጽሑፍ «መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.» ተብሎ ወሩ ይቀድማል፣ በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ግን 25/07/2016 ተብሎ ቀኑ ይቀድማል። የወሩ ስም እስካለ ድረስ ቅደም ተከተሉ ማንንም አያሳስትም። ችግሩ የሚጀምረው ስሙ ወጥቶ በቦታው ቁጥር ሲገባና ሁለት ቁጥሮች በእዝባር ብቻ ተለይተው ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው።

ኤክሴልን የመሰለ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ቀንን የሚይዝበት መንገድ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ተጠቃሚው በሴል ውስጥ፣ ማለትም ረድፍና ዓምድ በሚገናኙበት አንድ ሣጥን ውስጥ፣ የሚያየው ቀን ከላይ የተለበጠ መልክ ሲሆን፣ ከሥሩ የተቀመጠው ግን አንድ ተራ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚጀምረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ ሲሆን በየቀኑ አንድ ይጨምራል፤ በዚህ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ቁጥሩ 45292፣ ማርች 4 ቁጥሩ 45355፣ ኤፕሪል 3 ደግሞ 45385 ነው። ይህ ቁጥር የቀን ቁጥር ቢባል ያስኬዳል። የቀን ቁጥሩ ሀገር የለውም፤ 45385 በለንደንም በዋሽንግተንም በአዲስ አበባም ያው አንድ ቀን ነው። ሀገር ያለው መልኩ ነው፤ መልኩን የሚወስነው ደግሞ በዊንዶውስ ውስጥ Regional format ተብሎ የሚገኘው የአካባቢ ቅንብር ነው። ይህ ቅንብር ባለቤቱ የሚኖርበትን ሀገር አይቶ ራሱን የሚያስተካክል አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር በአሜሪካ እንግሊዝኛ ተጭኖ ከዚያ በኋላ ማንም ካልነካው ቀንን የሚያነበው እንደ አሜሪካ ነው።

ከዚህ በመነሣት ከሌላ ሀገር የመጣ ፋይል ሲከፈት የሚደርሰው ነገር በፋይሉ ዓይነት እንደሚወሰን መረዳት ይቻላል። ፋይሉ የኤክሴል የራሱ ዓይነት፣ ማለትም ስሙ በ .xlsx የሚያበቃ ከሆነ፣ የሚጓዘው የቀን ቁጥሩ ነው። ለንደን ላይ 03/04/2024 ሆኖ ይታይ የነበረው 45385 ዋሽንግተን ሲደርስ 4/3/2024 ሆኖ ይታያል፤ ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ቀኑ ግን ኤፕሪል 3 እንደሆነ ነው፣ የሚወጣው ስሌትም ሁሉ ትክክል ነው። ይህ ጉዳት የሌለው መገለባበጥ ነው። ጉዳት የሚሆነው የደነገጠ ሰው «ተሳስቷል» ብሎ በእጁ ሊያርመው ሲነሣ ነው፤ ያን ጊዜ ትክክለኛውን ቀን በገዛ እጁ ያበላሸዋል።

ፋይሉ በ .csv የሚያበቃ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ይህ ዓይነት ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ረድፍ ሲሆን በውስጡ ያሉት መረጃዎች እንደ ነጠላ ሰረዝ በሚያገለግል የላቲን ምልክት ይለያያሉ። ባንኮች፣ የሂሳብ ፕሮግራሞችና የክፍያ ድርጅቶች መዝገብ የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መልክ ነው። በውስጡ የቀን ቁጥር የለም፣ የትኛው ሀገር እንደጻፈውም አይናገርም፤ ያለው የፊደላትና የአኃዞች ተራ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሉን የሚከፍተው ኮምፒውተር ጽሑፉን በራሱ የአካባቢ ቅንብር አንብቦ የቀን ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስሕተቱ የሚፈጸመውም በዚህች ቅጽበት ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት፣ ለንደን ውስጥ ያለ አንድ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር በኤፕሪል 2024 በየቀኑ ከአንድ አባል 20 ፓውንድ ተቀብሎ መዝግቧል እንበል። ወሩ 30 ቀን ስለሆነ መዝገቡ 30 ረድፍ አለው፣ ጠቅላላ ገንዘቡም 600 ፓውንድ ነው። ጸሐፊው መዝገቡን በ .csv አውጥቶ ዋሽንግተን ለሚገኙት ሂሳብ መርማሪ ይልካል። የፋይሉ ጥቂት መስመሮች የሚከተለውን ይመስላሉ፤

```
01/04/2024,20
02/04/2024,20
03/04/2024,20
04/04/2024,20
...
12/04/2024,20
13/04/2024,20
...
30/04/2024,20
```

መርማሪዋ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው ይከፍታሉ። ኮምፒውተራቸው ወርን ያስቀድማል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን መስመር ጃንዋሪ 4፣ ሁለተኛውን ፌብሩዋሪ 4፣ ሦስተኛውን ማርች 4 ብሎ ያነባል። አራተኛው መስመር ቀኑም ወሩም አራት ስለሆነ በየትኛውም አነባበብ ኤፕሪል 4 ነው፤ ከስሕተት የሚያመልጠውም እርሱ ብቻ ነው። አነባበቡ በዚህ መልክ ይቀጥልና በአሥራ ሁለተኛው መስመር ዲሴምበር 4 ላይ ይደርሳል። አሥራ ሦስተኛው መስመር ላይ ኮምፒውተሩ ይቸገራል፤ በእርሱ አቆጣጠር አሥራ ሦስተኛ ወር የለምና። ኤክሴል በዚህ ጊዜ አያስጠነቅቅም፣ አነባበቤ ተሳስቶ ይሆን ብሎ ወደ ኋላ ተመልሶ የቀደሙትንም አይመረምርም፤ ያልገባውን መስመር እንደ ተራ ጽሑፍ ትቶት ያልፋል። ከ13 እስከ 30 ያሉት 18 መስመሮችም እንዲሁ ጽሑፍ ሆነው ይቀራሉ።

በሰንጠረዡ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይታይም። ማርች 4 ተብሎ የተነበበው ሦስተኛው ረድፍ በአሜሪካ አጻጻፍ 3/4/2024 ሆኖ ይታያል፤ በመጀመሪያው ፋይል ላይ የነበረውም 03/04/2024 ነበር። አኃዞቹ በቦታቸው እንዳሉ ናቸው፣ የጠፋች ነገር ብትኖር ዜሮዎቹ ብቻ ናቸው። ዓምዱን ከላይ እስከ ታች የሚቃኝ ሰው ከለንደን የተላከውን መዝገብ እንዳለ እያየ ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን ከሥር ተለውጧል፤ 45385 መሆን የነበረበት ረድፍ 45355 ሆኗል፣ ኤፕሪል 12 የነበረው ደግሞ ከ45394 ወደ 45630 ተወስዶ 236 ቀን ወደፊት ሄዷል።

ቀጥሎ መርማሪዋ የኤፕሪልን ገቢ ለማወቅ በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ገንዘብ የሚደምር ቀመር ይጽፋሉ፤

```
=SUMIFS(B1:B30,A1:A30,">="&DATE(2024,4,1),A1:A30,"<="&DATE(2024,4,30))
```

የሚያገኙት መልስ 20 ፓውንድ ነው። በኤፕሪል ውስጥ የቀረችው ያቺ ኤፕሪል 4 ብቻ ናት። 11 ረድፎች፣ ማለትም 220 ፓውንድ፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር በሌሎቹ ወሮች ላይ ሃያ ሃያ ፓውንድ ሆነው ተበትነዋል፤ ጽሑፍ የሆኑት 18 ረድፎች፣ ማለትም 360 ፓውንድ፣ በየትኛውም ወር ውስጥ አይቆጠሩም። የዓምዱ ጠቅላላ ድምር ግን ያለ እንከን 600 ነው። በዚህ ምክንያት ጠቅላላ ድምርን ከባንክ ሒሳብ ጋር በማስተያየት ብቻ የሚረካ ምርመራ ይህን ስሕተት ፈጽሞ አያገኘውም። እንዲህ ባለ አንድ ወር ላይ 20 ፓውንድ ብቻ ሲገኝ መርማሪዋ መደንገጣቸው አይቀርም፤ የብዙ ዓመታት መዝገብ ሲሆን ግን ከአንዱ ወር የወጣውን ሌላው ወር ስለሚተካው የየወሩ ድምር እምብዛም እንግዳ አይመስልም፣ ይኸኛው ዓይነት ይበልጥ አስጊ ነው።

መርማሪዋ ፋይሉን በ .xlsx አስቀምጠው ወደ ለንደን ይመልሱታል። አሁን የሚጓዘው የቀን ቁጥሩ ነው፣ እርሱም የተሳሳተው ነው። የለንደኑ ኮምፒውተር 45355ን በራሱ አጻጻፍ 04/03/2024 አድርጎ ያሳያል፣ ጸሐፊውም የገዛ መዝገቡ ተገልብጦ ያየዋል፦ 04/01/2024፣ 04/02/2024፣ 04/03/2024 እያለ እስከ 04/12/2024 ይወርድና በድንገት 13/04/2024 ብሎ ትክክለኛ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሰጠው ፍርድ «የእኔ ኮምፒውተር ቅንብሩ ተበላሽቷል» የሚል ነው። ቅንብሩን ወደ አሜሪካ ቢለውጠው አኃዞቹ ወደ ቀድሞ ቅደም ተከተላቸው ተመልሰው 3/4/2024 ይታያሉ፣ እርሱም የታረመ ይመስለዋል፤ ከሥር ያለው 45355 ግን አልተነካም፣ የኤፕሪል ገቢም አሁንም 20 ፓውንድ ነው። የአካባቢ ቅንብር መለወጥ ገና ያልተከፈተ ፋይልን ሊያድን ይችላል፤ ተከፍቶ የተቀመጠን ግን አያድንም። ይህ ልዩነት በሥራ ቦታዎች እጅግ ብዙ ጊዜ የሚሳት ስለሆነ ደግሞ ደጋግሞ መናገሩ አይበዛም።

ስሕተቱ መኖሩን ለማወቅ በጣም የሚታመነው ምልክት በዓምዱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር መደባለቁ ነው። ኤክሴል ቁጥርን፣ ስለዚህም ቀንን፣ ወደ ቀኝ አስጠግቶ ሲያስቀምጥ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል፤ ማንም አሰላለፉን በእጁ ካልለወጠው ከ1 እስከ 12 ያሉት ረድፎች ወደ ቀኝ፣ ከ13 ወዲያ ያሉት ወደ ግራ ተጠግተው ይታያሉ። ሁለተኛው ምልክት ቀደም ብሎ የተጠቀሰው የዜሮዎቹ ነገር ነው፦ በአንድ ዓምድ ውስጥ 3/4/2024 ያለ ዜሮ፣ 13/04/2024 ደግሞ ከነዜሮው ጎን ለጎን ከቆሙ፣ የመጀመሪያው በኮምፒውተሩ እንደ ቀን ተነቦ እንደ አዲስ የተጻፈ፣ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ፋይል እንዳለ የቀረ ነው። ረድፎቹ ሺህ በሚሆኑበት ጊዜ በዓይን መቃኘት ስለማይቻል ሁለት አጫጭር ቀመሮች ይበቃሉ፤

```
=COUNT(A1:A30)
=COUNTA(A1:A30)
```

የመጀመሪያው በዓምዱ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ፣ ሁለተኛው ባዶ ያልሆነውን ሁሉ ይቆጥራል። በደህና መዝገብ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በዚህኛው ግን የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 30 ይሰጣል። አንድን ነጠላ ረድፍ ለመመርመር ደግሞ የሴሉን መልክ General ወደሚባለው መለወጥ ነው፤ ቀን የነበረው 45355 የመሰለ ቁጥር ሆኖ ይወጣል፣ ጽሑፍ የነበረው ግን ምንም አይለወጥም።

አንድ ሙሉ ዓመት በየቀኑ የተመዘገበበት ፋይል ቢሆን፣ 12 ወር በ12 ቀን ሲባዛ 144 ቀኖች በሁለቱም መንገድ ሊነበቡ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ 12ቱ እንደ 04/04 ቀኑና ወሩ አንድ ቁጥር ስለሆኑ አይጎዱም፤ 132ቱ ሌላ ቀን ይሆናሉ። 366 ቀን በነበረው በ2024 ቀሪዎቹ 222 ጽሑፍ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህም ረጅም በሆነ መዝገብ ውስጥ እንደ ቀን ከተነበቡት መካከል ከወሩ 12ኛ ቀን ያለፈ አንድ እንኳ ካልተገኘ፣ ዓምዱ ተገልብጧል ብሎ መደምደም ይቻላል። ከባዱ ሁኔታ መዝገቡ አጭር ሆኖ ቀኖቹ ሁሉ ከ12 ያልበለጡ ሲሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ጽሑፍ ሆኖ የቀረ ረድፍ ስለማይኖር ከላይ ከተጠቀሱት ምልክቶች አንዱም አይሠራም፣ እውነቱም ከራሱ ከፋይሉ ሊገኝ አይችልም። ደረሰኝ፣ የባንክ ወረቀት ወይም የክፍያ ተራ ቁጥር ይዞ ማመሳከር ብቻ ነው የሚቀረው።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ቀኖችን የያዘ መዝገብ ሲሆን ችግሩ ሌላ ንብርብር ይጨምራል፤ ኤክሴል ከፊቱ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ስለማይጠይቅ፣ መጋቢት 25 ቀን 2016ን ለመግለጽ የተጻፈው 25/07/2016 ቀንን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ጁላይ 25 ቀን 2016 ይሆናል፤ ትክክለኛው ኤፕሪል 3 ቀን 2024 ስለሆነ ስሕተቱ ወደ ስምንት ዓመት ይጠጋል። ጳጉሜን ደግሞ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 በቁጥር 05/13/2016 ተብሎ ይጻፋል፤ ቀንን የሚያስቀድመው ኮምፒውተር አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፣ ወርን የሚያስቀድመው ግን ያለ አንዳች ማመንታት ሜይ 13 ቀን 2016 ብሎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/02/2016፣ በየትኛውም ቅንብር ቀን ሊሆን አይችልም፤ የካቲት 30 ግን 30/06/2016 ስለሆነ ጁን 30 ተብሎ ይነበባል። የቀኖችን ርቀት ማስላትም በዚህ አይድንም፦ ከመጋቢት 30 እስከ ሚያዝያ 1 አንድ ቀን ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ እንደ ጁላይ 30 እና ኦገስት 1 ስለሚያያቸው ሁለት ቀን ይላል። ለእንዲህ ያለ መዝገብ ብቸኛው ደህና መንገድ ዓምዱን ከመነሻው ጽሑፍ አድርጎ መያዝና፣ ስሌት የሚያስፈልግ ከሆነ የጎርጎርዮሳዊውን ቀን በሌላ ዓምድ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

ወደ ለንደኑ መዝገብ ስንመለስ፣ ዋናው የ .csv ፋይል ካለ ጥገና አያስፈልግም፤ የተበላሸውን ትቶ ዋናውን በትክክለኛው መንገድ እንደ አዲስ መክፈት ይበቃል። ዋናው ከጠፋ ግን፣ በአንድ አነባበብ ብቻ የተበላሸ ዓምድን በአጠገቡ ባለ ባዶ ዓምድ ውስጥ በሚጻፍ በዚህ ቀመር መመለስ ይቻላል፤

```
=IF(ISNUMBER(A1),DATE(YEAR(A1),DAY(A1),MONTH(A1)),DATE(RIGHT(A1,4),MID(A1,4,2),LEFT(A1,2)))
```

ቀመሩ በመጀመሪያ ሴሉ ቁጥር መሆኑን ይጠይቃል። ቁጥር ከሆነ ቀኑን በወሩ ቦታ፣ ወሩን በቀኑ ቦታ አስገብቶ አዲስ ቀን ይሠራል፤ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ አልተገለበጠምና ከቀኝ አራት አኃዝ ዓመት፣ ከመካከል ሁለት አኃዝ ወር፣ ከግራ ሁለት አኃዝ ቀን ይወስዳል። ጽሑፉ እንደዚህኛው ፋይል ከነዜሮዎቹ በሁለት፣ ሁለትና አራት አኃዝ የተጻፈ መሆን አለበት። በአንዳንድ የአውሮፓ ቅንብሮች ደግሞ በቀመሩ ውስጥ ባሉት የላቲን ነጠላ ሰረዞች ፋንታ ; መጻፍ ያስፈልጋል።

ይህ ቀመር አንድ ጽኑ ገደብ አለው። የለንደኑ ጸሐፊ ፋይሉ ሲመለስለት፣ ወደ ግራ የተጠጋውን 13/04/2024 አይቶ በሴሉ ውስጥ ገብቶ Enter ቢጫን፣ የእርሱ ኮምፒውተር ጽሑፉን በትክክል ኤፕሪል 13 ብሎ ወደ ቀን ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ በዓምዱ ውስጥ የተገለበጡ ቀኖችና ትክክለኛ ቀኖች ተደባልቀዋል፣ ሁሉም ቁጥር ናቸው። ቀመሩ ትክክለኛውንም ሊገለብጥ ሲሞክር አሥራ ሦስተኛ ወር ይጠይቃል፤ DATE የተባለው ተግባር ደግሞ 13ኛ ወርን አይከለክልም፣ የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ወር አድርጎ ይቆጥረዋል እንጂ። ውጤቱ ጃንዋሪ 4 ቀን 2025 ይሆናል። በጥገናው መጨረሻ በመዝገቡ ውስጥ ያልነበረ ዓመት ብቅ ካለ ምክንያቱ ይህ ነው። ስለሆነም የተበላሸ ዓምድ እስኪመረመር ድረስ አንድም ሴል በእጅ ሊነካ አይገባም። ከሁለት አገሮች የመጡ ረድፎች ያለ ምልክት ተቀላቅለው ከሆነ ደግሞ የሚያድን ቀመር የለም፤ የትኛው ረድፍ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሌላ ዓምድ ያስፈልጋል።

ዋናው ፋይል በእጅ ላለው ሰው ትክክለኛው አከፋፈት ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ባዶ ሠንጠረዥ ከፍቶ ከ Data ምናሌ From Text/CSV የሚለውን መምረጥ ነው። በሚመጣው መስኮት ላይ የመረጃውን ዓይነት በራሱ እንዳይገምት Do not detect data types ይመረጥና Transform Data ይጫናል፤ ከዚያም የቀኑ ዓምድ ርእስ ላይ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ Change Type ውስጥ Using Locale ይከፈታል። እዚያ ዓይነቱ Date፣ አካባቢው English (United Kingdom) ተብሎ ሲሰጥ፣ የዋሽንግተኑ ኮምፒውተር የራሱን ልማድ ትቶ በላኪው ልማድ ያነባል፣ 30ውም ረድፎች ኤፕሪል ውስጥ ይገባሉ። ሊብሬኦፊስ የሚጠቀሙ ሰዎች ነገሩ ይቀልላቸዋል፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲከፍት ራሱ የሚያቀርበው መስኮት ላይ የቀኑን ዓምድ መርጦ Date (DMY) ማለት ይበቃል። ፋይሉን ሰው ሳይሆን ማክሮ፣ ማለትም በኤክሴል ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም፣ የሚከፍተው ከሆነ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ ማክሮ .csv ሲከፍት የኮምፒውተሩን ቅንብር ትቶ በአሜሪካ አነባበብ ይሄዳል፤ በሰው እጅ ለንደን ላይ በትክክል የሚከፈተው ፋይል በዚያው ኮምፒውተር በማክሮ ሲከፈት የሚገለበጠውም በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው በትእዛዙ ውስጥ Local:=True ብሎ መጨመር ነው፤

```
Workbooks.Open Filename:="april.csv", Local:=True
```

ይህ ሁሉ የተቀባዩ ድካም ነው። ላኪው በአንድ ደቂቃ ሊያስቀረው ይችል ነበር። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1988 ባወጣው አይኤስኦ 8601 በተባለው ደረጃ መሠረት ቀን የሚጻፈው ከዓመት ጀምሮ በጭረት እየተለየ ነው፤ ኤፕሪል 3 ቀን 2024 2024-04-03 ይሆናል። ዓመቱ በአራት አኃዝ ሲቀድም ወሩ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ አይነሣም፤ ኤክሴልም ይህን አጻጻፍ በእንግሊዝም በአሜሪካም ቅንብር አንድ ዓይነት አድርጎ ያነበዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፋይሉ በ .csv ከመቀመጡ በፊት የቀኑን ዓምድ መልክ yyyy-mm-dd ማድረግ ነው፣ .csv የሚይዘው በሴሉ ላይ የሚታየውን መልክ ነውና። በጀርመንኛ ኤክሴል ላይ ያው መልክ JJJJ-MM-TT ተብሎ ይጻፋል። አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን አለ፦ የዋሽንግተኗ መርማሪ ፋይሉን ከፍተው በዚያው ስም መልሰው .csv አድርገው ካስቀመጡት፣ መልኩ በእርሳቸው ቅንብር ተተክቶ እንደገና 4/3/2024 ይሆናል፣ የላኪው ጥንቃቄም ይጠፋል።

ስለዚህ መዝገብ የሚላላኩ ማኅበራት፣ ቢሮዎችና ግለሰቦች ቀኑን በ yyyy-mm-dd ጽፈው ይላኩ፤ የተቀበሉትን ፋይል ደግሞ ከመክፈታቸው በፊት አንድ ቅጂ ለይተው ያስቀምጡ፣ ያንንም ቅጂ ማየት ሲፈልጉ በኤክሴል ሳይሆን በኖትፓድ ይክፈቱት። ኖትፓድ ቀንን ከሌላ ጽሑፍ አይለይም፤ ለንደን ላይ የተጻፈውን 03/04/2024 ከነዜሮዎቹ እንዳለ ያሳያል።